«ዳቦ አለ»

ባለፈው ማክሰኞ ከቢሮ ለሚስቴ በቴሌግራም «ዳቦ አለ» ብዬ ጻፍኩላት። የጥያቄ ምልክት አላደረግኩም። ምልክቱን ለማግኘት ኪቦርድ መቀየር ነበረብኝ፣ እኔ ደግሞ ሰነፍ ነኝ።

«እሺ» አለችኝ።

«አለ፣ አታስብ» ማለቷ መሰለኝና ዳቦ ቤቱ በር ላይ ትኩስ ዳቦ እየሸተተኝ ዝም ብዬ አለፍኩ። እሷ ደግሞ «ባሌን ዛሬ ምን ነካው፣ ዳቦ ገዝቶ ጭራሽ ያሳውቀኛል» እያለች፣ ደስ እያላት በሌላ መንገድ ገባች። ማታ 1 ሰዓት ላይ ባዶውን የዳቦ ዕቃ መሃል አድርገን ተፋጠጥን።

እኔ በበኩሌ ጥፋቱን በአማርኛ ላይ ነው የደፋሁት። ምክንያትም አለኝ። «አዎ» ወይ «የለም» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ስንጠይቅ ከቃላቱ አንዱም ቦታውን መቀየር የለበትም። «ዳቦ አለ» ስናወራም «ዳቦ አለ» ነው፣ ስንጠይቅም «ዳቦ አለ» ነው። ሥራው በሙሉ የተጫነው መጨረሻ ላይ ባለችው «ለ» ላይ ነው። ድምፅህ እዚያ ከወረደ ነገርከኝ፣ ሽቅብ ከወጣ ጠየቅከኝ። በስልክ ስትጽፈው ግን «ለ» የትም አትወጣም፣ የትም አትወርድም፤ እዚያው ተቀምጣ ታይሃለች።

«ወይ» ብጨምርበት ኖሮ እራት በሰላም እንበላ ነበር። «ዳቦ አለ ወይ» ካልክ ጥያቄነቱን ቃሉ ራሱ ስለሚሸከመው ምልክት ቢቀርም ግድ የለም። «እንዴ» ግን አደገኛ ነው። «ዳቦ አለ እንዴ» ያልኳት እንደሆነ «አይኖርም ብዬ ነበር» ማለቴ ነውና፣ ጥያቄው ስለ ዳቦ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቤት አያያዟ ይሆናል። እሱን ሞክሬዋለሁ፣ አልመክርም።

ለማንኛውም ወደ ሱቅ ወረድኩ። ይኼኔ 2 ሰዓት አልፏል።

«ዳቦ አለ?» አልኩ፣ በዚህኛው ጊዜ «ለ»ን እስከ ጣሪያ ሰቅዬ።

ባለሱቁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ዳቦ?» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ። ግን «ዳ»ን ዝቅ አድርጎ ጀምሮ «ቦ»ን ወደ ላይ ሲጎትታት «በዚህ ሰዓት? ጤነኛ ነህ? ሰው ዳቦ የሚገዛው በ12 ሰዓት አይደለም እንዴ?» የሚለው ሁሉ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ሁለት ፊደል ናት እኮ! ልቆጣው ብፈልግ ደግሞ ምን ብሎ ሰደበኝ እላለሁ? «ዳቦ አለኝ» ልበል?

አገራችን ውስጥ በድምፅ ከፍታ የቃሉን ትርጉም ራሱን የሚለዩ ቋንቋዎች አሉ። ቤንችኛ አምስት የድምፅ ደረጃ አለው። ደረጃውን ከሳትክ የተናገርከው ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል። አማርኛ ይህን አያደርግብህም። ዳቦ በወፍራምም በቀጭንም ዳቦ ነው። የሚቀያየረው አንተ ለሰሚው ያለህ ስሜት ነው፣ እሱ ደግሞ መዝገበ ቃላት ውስጥ አይገኝም።

«ምን» እና «የት» ያሉባቸው ጥያቄዎች ይሻላሉ ብዬ ነበር። የጠያቂነቱን ሥራ ቃሉ ስለሚሠራው መጨረሻው ላይ ድምፅህን ማንሳት አያስፈልግህም። «የት ነበርክ» ስትል «የት» ላይ ከፍ ትልና ወደ ታች ትለቀዋለህ። ባዶ እጄን ስመለስ ሚስቴ «የት ነበርክ» ያለችኝ ግን ከ«የት» ጀምሮ እስከ «ክ» ድረስ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ መኪና በአንድ ከፍታ፣ ቀስ ብሎ ነው። የት እንደነበርኩማ ታውቃለች። እንዲህ ያለውን ጥያቄ «ሱቅ» ብሎ የሚመልስ ሰው ካለ ገና አዲስ ሙሽራ ነው።

የድሮ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለው ችግር ሳይገባቸው አልቀረም። ለጥያቄ ሦስት ነጥብ በቁም የተደረደሩባት ፧ ነበረችልን፣ በፈረንጁ ምልክት ተተካች። ለሽሙጥ ደግሞ ትእምርተ ስላቅ አለችን፤ ተገልብጣ የቆመች ቃል አጋኖ፣ ¡ ይቺ። «ጎበዝ ነህ¡» ብለህ ስትጽፍ አንባቢው ደስ እንዳይለው ታስጠነቅቀዋለች። ሰዋስው ደብተራችን ላይ ጽፈናት ነበር፣ ከዚያ በኋላ የተጠቀመባት ሰው ግን አላጋጠመኝም። እኛ ቤት ብትኖር ብዙ ትሠራ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ገና ዓይኔን ስገልጥ ከኩሽና «ዳቦ አለ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ዳ» ከፍ ብላለች፣ «አ» ተለጥጣለች፣ «ለ» ግን አልወጣችም፣ አልወረደችም፤ አየር ላይ ቀረች። ገዝታ እየነገረችኝ ይሁን፣ እየጠየቀችኝ ይሁን፣ የትናንቱን መልእክቴን እየደገመችልኝ ይሁን አልለየሁትም።

ጫማዬን አጠለቅኩ።