«ቀረጡን ጨምረን በኪሎ» ሲሉሽ፣ ዲክላራሲዮኑ በማን ስም እንደሚወጣ ጠይቂ

«ዱባይ ነው የምሠራው። እህቴ መርካቶ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍታለች። ካርጎ ቤቶቹ ቀረጡን ጨምረን በኪሎ 9 ዶላር አዲስ አበባ እናደርስልሻለን ይሉኛል። ልላክላት?»

በዚህ ዋጋ አትላኪ። ካርጎ ሁሉ ሌባ ስለሆነ አይደለም። የብዙ ሰው ዕቃ ሰብስቦ በአንድ ላይ መጫን ሕጋዊና ጠቃሚ ሥራ ነው። አሥር ካርቶን ብቻ ያላት ነጋዴ ለብቻዋ ኮንቴነር ልትከራይ አትችልም። እኔ የምቃወመው «ሁሉንም ጨርሰን» የሚለውን ዋጋ ነው። እዚያ ዋጋ ውስጥ ቀረጡ የለም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በአንድ ኪሎ አራት ሸሚዝ ይገባል እንበል። ዱባይ ዴይራ ገበያ በጅምላ አንዱን በ5 ዶላር ገዛሽ፤ 20 ዶላር። የአውሮፕላን ጭነቱን ደግሞ በኪሎ 4 ዶላር እንያዘው። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በሸሚዙ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። የማጓጓዣና የመድን ወጪም ይደመርበታል። መድኑን ብንተወው እንኳ መነሻው 24 ዶላር ነው። ብዙ ላኪ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። በአውሮፕላን ስትልኪ ዕቃው ቶሎ ይደርሳል፣ ግን ለጭነቱ በከፈልሽው ላይም ቀረጥ ትከፍያለሽ።

ከዚያ በኋላ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል። ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ነው፤ ሸሚዙንም በዚሁ እናስላው። 8.40 ዶላር ይመጣል። ቫት 15 በመቶ ነው፣ የሚሰላው ግን ቀረጡ ከተደመረ በኋላ በ32.40 ላይ ነው። ይህ 4.86 ነው። ሱር ታክስ ደግሞ ቫቱም ጭምር ከገባ በኋላ 10 በመቶ ይታሰባል፤ 3.73። ለማኅበራዊ ድጋፍ ተብሎ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመጣ 3 በመቶ አለ፤ 0.72። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት በንግድ ዕቃ ላይ በቅድሚያ የሚያዝ 3 በመቶም አለ፤ እሱም 0.72። ሲደመር 18.43 ዶላር ነው። የጭነቱን 4 ዶላር ጨምሪበት። ትራንዚተሩና መጋዘኑ ሳይቆጠሩ፣ ትክክለኛው «ቀረጡን ጨምሮ» ዋጋ በኪሎ ከ22 ዶላር በላይ ነው።

እነሱ 9 ዶላር አሉሽ። ከዚያ ላይ 4ቱ ለጭነት ሄዷል። በቀረው 5 ዶላር የ18 ዶላር ግዴታ እንዴት ነው የሚከፈለው?

መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ኢንቮይሱ ላይ የሸሚዙ ዋጋ በጣም ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል። ወይ ዕቃው በመንገደኞች ሻንጣ ተከፋፍሎ «የግል መገልገያ» ተብሎ ይገባል። ወይ ደግሞ በሌላ አስመጪ ስም በሚያልፍ ጭነት ውስጥ ይሸጎጣል። በሦስቱም መንገድ ዕቃው መርካቶ ሊደርስ ይችላል። በሦስቱም ግን እህትሽ እጅ ላይ የሚደርሰው ካርቶኑ ብቻ ነው። ወረቀቱ አይደርሳትም።

ወረቀቱ ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? እህትሽ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነችና ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ዕቃው ለጉምሩክ የሚታወቅበት ሰነድ፣ በራሷ ቲን ከወጣ፣ ጉምሩክ ላይ የከፈለችውን 4.86 ከሽያጭ ከሰበሰበችው ቫት ላይ ትቀንሰዋለች። በቅድሚያ የተያዘው 0.72ም በዓመቱ መጨረሻ ከገቢ ግብሯ ላይ ይታሰብላታል። ስለዚህ የሕጋዊው መንገድ እውነተኛ ወጪ ወደ 16.85 ዶላር ይወርዳል። በ9 ዶላሩ መንገድ ግን የሚመለስላት ነገር የለም። ከዚህም በላይ ሸሚዙን የገዛሽበት 20 ዶላር ራሱ ሕጋዊ ሰነድ ስለሌለው ግብር ሲሰላ እንደ ወጪ አይያዝላትም። ገቢዎች ዓይን ላይ ሽያጩ እንዳለ ትርፍ ሊመስል ነው።

አሁንም 9 ከ16.85 ያንሳል ልትይኝ ትችያለሽ። ልክ ነሽ፣ በኪሎ 7.85 ዶላር ይተርፍሻል። ግን 20 ኪሎ የሚመዝን አንድ ካርቶን ብቻ ተያዘ እንበል። የዕቃውም የካርጎውም 580 ዶላር ሄደ። ያንን ለማካካስ ከ70 ኪሎ በላይ ዕቃ በሰላም ማሳለፍ አለብሽ። ደግሞም የሚያዘው ድንበር ላይ ብቻ አይደለም። በጉምሩክ አዋጁ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበትን ዕቃ ማከማቸትና መያዝም ጥፋት ነው። ተቆጣጣሪ ሱቅ ገብቶ «የዚህን ሰነድ አሳይኝ» ሲል የሚጠየቀው ዱባይ ያለው ካርጎ ቤት አይደለም። እህትሽ ናት።

መዘግየቱም የሚመጣው ከዚያው ከወረቀቱ ነው። ሰው መርከብ ይዘገያል፣ ወደብ ይጨናነቃል ይላል። እሱም አለ። የጋራ ጭነት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ዕቃሽን የሚያስቆመው ጎረቤት ካርቶን ነው።

አንድ የተለመደ ጉዳይ ልንገርሽ። ካርጎ ቤቱ የሠላሳ ሰው ዕቃ በአንድ ኮንቴነር ጫነ። ዋናው የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ የወጣው አዲስ አበባ ባለው ወኪሉ ስም ነው። ለየሰዉ የተለየ ቢል አላወጣም፣ ሁሉንም ጠቅልሎ በአንድ ዲክላራሲዮን ሊያስወጣ ነው ያሰበው። ኮንቴነሩ በጅቡቲ አድርጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገባ። ፍተሻ ላይ ከሸሚዙ ሥር የአንዱ ደንበኛ ክሬምና ቅባት ተገኘ። ለመዋቢያ ዕቃ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የለም። ፓኪንግ ሊስቱ ላይም አልተጻፈም። ይህን ጊዜ የሚቆመው ቅባቱ ብቻ አይደለም። ዲክላራሲዮኑ አንድ ስለሆነ ሠላሳውም ሰው ይቆማል። የመጋዘን ክፍያ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ኮንቴነሩ በጊዜው ካልተመለሰ የመርከብ ድርጅቱ ደመሬጅ የሚባለውን የመዘግየት ክፍያ ይጠይቃል። ወኪሉም ይህን ሁሉ በኪዩቢክ ሜትር ከፋፍሎ ለደንበኞቹ ያድለዋል። ሸሚዝ ብቻ የላከችው ሴት ለሰው ቅባት ትከፍላለች። ለበዓል ያሰበችው ዕቃ ከበዓሉ በኋላ ይገባል። ጊዜው ጭራሽ ካለፈም ዕቃው እንደተተወ ተቆጥሮ ለሐራጅ ሊቀርብ ይችላል።

ሌላው መዘግየት ገና ዱባይ እያለሽ የሚፈጠር ነው። ኮንቴነሩ እስኪሞላ ይጠብቃሉ፣ አንቺን ግን «ተጭኗል፣ መንገድ ላይ ነው» ይሉሻል። ይህን ማጣራት ቀላል ነው። የኮንቴነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ አለው፤ የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ የት እንዳለ ታያለሽ። የአየር ጭነት ከሆነ የዋናው ጭነት ሰነድ፣ የኤርዌይ ቢሉ፣ ቁጥር 11 አሃዝ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አየር መንገዱን ይናገራሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። ካርጎ ቤቱ በራሱ ደብተር የጻፈልሽ አጭር ቁጥር ግን ከእነሱ መጋዘን ውጭ የትም አይሠራም። ዋናውን ቁጥር መስጠት ካልፈለጉ ዕቃሽ ገና ዱባይ መሆኑን መጠርጠር አለብሽ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ትናንሽ ነጋዴዎች ወደዚህ የገቡት ሕግ መጣስ አምሯቸው አይደለም። የንግድ ዕቃ ሲገባ ገንዘቡ በባንክ በኩል የተከፈለበት ሰነድ ይጠየቃል። በራስ ዶላር ገዝቶ በፍራንኮ ቫሉታ ማስገባት ልዩ ፈቃድ የሚፈልግ ነገር ነው። ለዓመታት ባንክ ሄዶ የውጭ ምንዛሬ መጠየቅ ለትልቁ አስመጪም መከራ ነበር፣ ለሱቅ ባለቤት ደግሞ የማይታሰብ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ነገሩ ተቀይሯል። የውጭ ምንዛሬ ተከልክለው የነበሩት 38 የዕቃ ዓይነቶችም ተፈቅደዋል። አሁን እህትሽ የአስመጪነት ፈቃድ አውጥታ ባንኳን ብትጠይቅ መልስ የማግኘት ዕድሏ ከበፊቱ ይሻላል። የባንኩ ፈቃድ ግን ዕቃው ከመጫኑ በፊት እጇ መግባት አለበት። አንቺ ቀድመሽ ጭነሽ እሷ በኋላ ብትሯሯጥ፣ ዕቃው ባንኩን እየጠበቀ መጋዘን ይከፍላል።

የጉምሩክ ኮሚሽንም የራሱ ድርሻ አለበት። ለ200 ኪሎ ሸሚዝና ለ20 ቶን ሸሚዝ አንድ ዓይነት የሰነድ ክምር መጠየቅ፣ ትንሹን ሰው ወደ ሻንጣና ወደ ሰው ስም መግፋት ነው። በጋራ ጭነት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ቢልና በራሱ ቲን፣ በአጭር ሥርዓት ዲክላራሲዮን ቢያወጣ መንግሥት ቀረጡን ያገኛል፣ ነጋዴዋም ወረቀቷን ታገኛለች። ሰብሳቢው ድርጅት ደግሞ የማንን ዕቃ ከማን ጋር እንደጫነ በፊርማው ተጠያቂ ይሁን። ቅባት የደበቀው ሰው ዕዳ ሸሚዝ በላከችው ላይ መከፋፈሉ ፍትሕ አይደለም።

እስከዚያው፣ ካርጎ ቤቱን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂው። ለእኔ ዕቃ ለብቻው ቢል ታወጣለህ? ዲክላራሲዮኑ በእህቴ ቲን ይወጣል? ቀረጥና ታክሱን እሷ በስሟ ባንክ ትክፈልና አንተ የጭነቱን ብቻ አስከፍለኝ፣ ይሆናል? ይሆናል ካለሽ ዋጋውን ተደራደሪ፤ በኪሎ ሳይሆን በካርቶኑ ስፋት ሊያስከፍልሽ እንደሚችልም አትርሺ። 60 በ50 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 12 ኪሎ ቢመዝንም በአየር ጭነት 20 ኪሎ ተብሎ ነው የሚታሰበው። «እሱን ለእኛ ተይው፣ አታስቢ» ካለሽ ግን ሸሚዞቹን ይዘሽ ሌላ ካርጎ ቤት ሂጂ።