«28 ዓመት» ብሎ የሚጀምር ሲቪ

«28 ዓመት በሒሳብ ሥራ አገልግያለሁ። አራት ቦታ ሲቪ አስገባሁ፤ ለፈተና እንኳን የጠራኝ የለም። መግቢያው ላይ ምን ልጻፍ?»

ጠያቂዬ የ53 ዓመት ሰው ናቸው፤ ድሮ አብረን ሠርተናል። ሲቪያቸው አናት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለ28 ዓመታት በታማኝነትና በትጋት ያገለገልኩ፣ ከማንኛውም ለውጥ ጋር ራሴን የማላምድ ባለሙያ ነኝ።»

ለሒሳብ ክፍል ሰው ስንቀጥር ሲቪ ከሚለዩት አንዱ ነበርኩ። «28 ዓመት» የሚለውን ሳይ መጀመሪያ የማሰላው፣ እውነቱን ልናገር፣ 60 ሞልቶት ጡረታ እስኪወጣ ስንት ዓመት እንደቀረው ነበር። ቀጥሎ ደመወዙ ይከብደናል እላለሁ። «ራሴን የማላምድ» የሚለውን ደግሞ ሁሉም ስለሚጽፈው አላነበውም።

«ጋሼ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እጅዎ ላይ ያለው ሥራ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ሳይጽፉት የቀረው ሁሉ ያኔ ወጣ። ድርጅታቸው በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ምክንያት አይኤፍአርኤስ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ ሲሸጋገር፣ ከመጋዘን እስከ ቢሮ እየዞሩ ንብረቱን ቆጥረው መዝገቡን እንደ አዲስ ያደራጁት እሳቸው ናቸው። ይህ ሲቪው ውስጥ የትም የለም! አብረን እንዲህ ጻፍነው፦

«ሲኒየር አካውንታንት። ወርኃዊ ሒሳብ በፒችትሪ እዘጋለሁ፤ የባንክ ማስታረቂያ በኤክሴል እሠራለሁ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ በኦንላይን አሳውቃለሁ። ድርጅቱ ወደ አይኤፍአርኤስ ሲሸጋገር የቋሚ ንብረት መዝገቡን አደራጅቻለሁ፤ ሁለት ጀማሪ ሠራተኞችንም አሠራሩን አስተምሬያለሁ።»

«መላመድ» የሚል ቃል የለበትም፤ ሰውየው ግን ከአዲስ አሠራር ጋር መሥራታቸው ይታያል።

ዓመታቱ አልተጣሉም። ወደ ታች፣ የሥራ ልምድ ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ፤ ያለፉት አሥር ዓመታት በሰፊው፣ ከዚያ በፊት ያለው በአንድ በአንድ መስመር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ «አግባብነት ያለው 10 ዓመት» ካለ ግን ቁጥሩ መጀመሪያ የሚታይ ነገር ስለሆነ፣ ለዚያ የሚገባው ሲቪ ላይ አናቱ ላይ ይቀመጥ። የምረቃ ዓመትን ደብቁ የሚል ምክርም እሰማለሁ። እኛ ጋ የዲግሪው ኮፒ አብሮ ስለሚያያዝ ማንንም አያታልልም፤ እንዲያውም ያስጠረጥራል።

ጋሼ መጨረሻ ላይ «ፒቮት ቴብል» የሚል ማከል ፈለጉ፤ በኤክሴል መረጃን በየምድቡ የሚደምረው ሠንጠረዥ ነው። ላፕቶፑን ከፍቼ የአንድ ወር የሽያጭ መዝገብ ሰጠኋቸውና ለየቅርንጫፉ ይደምሩልኝ አልኩ። ጥቂት ነካክተው ተውት። የተግባር ፈተና ላይም የሚመጣው ይኸው ስለሆነ ሰረዝነው።

«ልጄ ታሳየኛለች» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ፤ «ሲገባኝ እጨምረዋለሁ።»