ወሬሽን በማር ልቁረጠውና

ፊት ለፊት «ጋሼ» ነው፣ አንቱ እንለዋለን። ዞር ሲል ሞንታርቦ ይሆናል፣ አንቱታውም አብሮ ይቀራል። መብራት ሲጠፋ የቢሯችን ጄኔሬተር ይነሳል፣ የሱ ድምፅ ግን ጄኔሬተሩንም ያስንቃል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ከመተከሉ በፊት የሚደርሰው እሱ ነው። ችግሩ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ሳምንታዊው ስብሰባ ሲጀመር።

እኔ ስምሪት ክፍል ነኝ። ስድስት አይሱዙ አሉን፣ የሁለቱ ጎማ ተልጦ ሽቦው መታየት ጀምሯል። ይህችን አንድ ነገር ለመናገር ሦስት ሰኞ ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ሰኞ እንዲህ ነበር። «የአይሱዙዎቹን ጎማ በተመለከተ፣ ባለፈው ሳምንት ሾፌሮቹን ጠይቄ፣ ጋራዥ ድረስ ሄጄ፣ ሁለቱን መኪኖች አይቼ…» አልኩና ትንፋሽ ሳብኩ።

«ወሬሽን በማር ልቁረጠውና» አለ ሞንታርቦ።

ማሩን እኔ አልቀመስኩትም። «ጎማ ሲባል» ብሎ ጀመረ፣ በወጣትነቱ ወደ ሞያሌ ሲመላለስ የፈነዳበትን ጎማ አነሳ፣ ከዚያ የዱሮ ጎማ ጥራት፣ ከዚያ የዱሮ ሰው ጥራት። ወሬው ሞያሌ ደርሶ፣ የፍየል ጥብስ በልቶ ተመለሰ። እኔ «አይቼ» ላይ እንደቆምኩ ሰዓቱ አለቀ።

በሁለተኛው ሰኞ ጮህኩ። ከሞንታርቦ ጋር በድምፅ መፎካከር ከታምቡር ጋር በፉጨት እንደመፎካከር ነው። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ከስብሰባው በኋላ «ዛሬ ምን ሆነሽ ነው?» መባል ነው። እሱ ሲጮህ ንቁ ተሳታፊ ነው፣ እኔ ስጮህ የቤት ጣጣ አለብኝ። ሲብስብኝ እጄን አውጥቼ «ሥነ ሥርዓት!» አልኩ። ሰብሳቢው ደነገጡ። ሥነ ሥርዓት ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም የሚል ክርክር ተከፈተ። ክርክሩን በሰፊው የመራው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ?

መፍትሔው የተገለጠልኝ እናቴ ቤት፣ እሁድ፣ ቡና ላይ ነው። እናቴና ሁለት ጎረቤቶቿ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። አንዷ «ወይ ጉድ!» ትላለች፣ ሌላዋ «እሷ እኮ ድሮም!» ብላ ትገባለች፣ እናቴ ግን ወሬዋን አትጥልም። ማንም አልተቋረጠም። ነገሩ እዚህ ላይ ገባኝ። ሰው በወሬ መሀል ስለገባ ብቻ ቀማኝ አይባልም። ገብቶ ሲወጣ ወሬው የማን እንደሆነ ነው መታየት ያለበት። ጎረቤቶቿ ሲገቡ ወሬው የእናቴ ሆኖ ይቀጥላል። ሞንታርቦ ሲገባ የኔ ጎማ የሱ ሞያሌ ይሆናል።

ሌላም ነገር አየሁ። ጎረቤቶቿ ሊቀሟት ሲሞክሩ እናቴ አትቀማም። ለምን? አረፍተ ነገሯ አጭር ነው። «ሄድኩ። አየሁት። የለም!» እኔ ደግሞ «ጠይቄ፣ ሄጄ፣ አይቼ» እያልኩ ባቡር እቀጥላለሁ። አማርኛ ደግሞ ጉዱ ይሄ ነው፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ሁለቱን መኪኖች አይቼ» ካልኩ ገና ምንም አላልኩም። ገዛኋቸው? ሸጥኳቸው? አለቀስኩላቸው? አድማጩ ግሡን እየጠበቀ ነው። የሚያቋርጠኝ ሰው ግሤ ሳይመጣ ይደርስና የራሱን ግሥ ይለጥፍበታል። ሐሳቤን እስከ ወገቡ እኔ ተሸክሜው፣ ስሙ የሱ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ግሡን ማድረስ። «ሁለት መኪና ይቆማል።» ነጥብ። አሁን ቢቋረጥም ተብሏል።

ቀጥሎ ትንፋሽ። ሁላችንም የምንተነፍሰው አረፍተ ነገር ከጨረስን በኋላ ነው፣ ሞንታርቦም የሚጠብቀው ያችኑ ክፍተት ነው። የኔ ብልሃት አንድ ቃል መበደር ሆነ። «ሁለት መኪና ይቆማል፣ ምክንያቱም» ብዬ ከ«ምክንያቱም» በኋላ እተነፍሳለሁ። ምክንያቱን ሳይሰማ የሚገባ ሰው ማቋረጡ ለሁሉም ግልጽ ይሆንበታል፤ ማር ቢቀባውም አይሸፈንም። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት። ልጄ «እማዬ፣ ምክንያቱም ምን?» እያለ ተከተለኝ።

የቀረው ከስብሰባው በፊት የሚሠራ ነው። አርብ ዕለት ሰብሳቢያችን ጋ ሄጄ ጎማው ራሱን ችሎ አጀንዳ እንዲሆን ጠየቅኩ፤ «ልዩ ልዩ» ውስጥ የገባ ነገር ሰው ኮቱን እየለበሰ ነው የሚሰማው። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ከምትይዘው ጓደኛዬ ጋር ተማከርኩ። በስብሰባ ላይ ከድምፅ በላይ ጉልበት ያለው እስክሪብቶ ነው። በኦባማ ጊዜ ዋይት ሐውስ ውስጥ የነበሩ ሴቶችም ተመሳሳይ ዘዴ ነበራቸው ይባላል፤ አንዷ ሐሳብ ስታነሳ ሌላዋ የተናጋሪዋን ስም ጠርታ ትደግመዋለች፣ ሐሳቡ ባለቤት አልባ ሆኖ ማንም እንዳያነሳው። እኛ ጋ ለዚህ የሚመቸው ቃለ ጉባኤ ያዥ ናት። መጠየቅ ሥራዋ ነው፣ ማንም «ምን አገባሽ?» አይላትም።

ሦስተኛው ሰኞ መጣ። ከሰብሳቢው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ሁለት መኪና ይቆማል፣ ምክንያቱም» (ትንፋሽ) «ጎማቸው ሽቦ አውጥቷል። ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛ፣ የሚያስፈልገን 12 ጎማ ነው። ሁለተኛ…»

«ጎማ ሲባል» አለ ሞንታርቦ።

ዱሮ ቢሆን ዞሬ አየው ነበር። ስህተቱ እሱ ነው፤ ዓይን የሄደበት ሰው ተራው የደረሰው ይመስለዋል። ዓይኔን ሰብሳቢው ላይ ተክዬ፣ ድምፄን ሳልጨምር፣ ቀስ ብዬ «ጋሼ፣ ሁለቱን ነጥብ ልጨርስና ይቀጥላሉ» አልኩ። ቆም ሳልል «ሁለተኛ» ብዬ ያችኑ ቃል ደገምኳት። እሱም «ጎማ» ብሎ ደገመ። ለጥቂት ሰከንድ አንዳችን «ሁለተኛ»፣ አንዳችን «ጎማ» እያልን ቆየን። ሬዲዮ ሁለት ጣቢያ ሲቀላቅል እንደሚሆነው።

ይሄኔ ጓደኛዬ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ይቅርታ፣ የስምሪቷ ሁለተኛ ነጥብ አልተመዘገበልኝም። ይደገምልኝ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነቴን ነው፣ ከጸጥታው የተነሳ ሁለተኛው ነጥብ ጠፋኝ። ተቋርጬ ስለኖርኩ መጨረስ አልለመድኩም። ወረቀቴን አየሁና አገኘሁት፤ ያለ ጎማ የሚቆም መኪና በቀን የሚያስቀረው ጭነት። ሦስተኛውንም ተናገርኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰብሳቢው ጆሮ ካላቸው መሆኑን መደበቅ አልፈልግም። የሚያቋርጣችሁ ራሱ ሰብሳቢው ከሆነ የኔ «ምክንያቱም» ብዙ አያራምድም። የዚያን ጊዜ ነገራችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከስብሰባው በፊት በትኑት፤ ወረቀት ማቋረጥ ይከብዳል።

ሰብሳቢው «12 ጎማ ይገዛ» አሉ። እስክሪብቶው ጻፈ። ከዚያ ቃሌን አክብሬ «ጋሼ፣ ይቀጥሉ» አልኩ።

«እኔም ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነው» አለ ሞንታርቦ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ጎማ ሲባል፣ እንግዲህ ያኔ ወደ ሞያሌ ስንሄድ…»

ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።