እንኳን አደረሳችሁ፤ ሶፋውም ደርሷል

አዲስ ዓመት ሲመጣ ማን ያስታውሰኛል ብላችሁ አትስጉ። ዘመድ ቢረሳችሁ የሶፋ ነጋዴው አይረሳችሁም። ጳጉሜ 5 እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ቴሌግራም ላይ ከች ይላል። «ውድ ደንበኞቻችን፣ እንኳን አደረሳችሁ!» እኔ ከሱ ቤት ሶፋ ቀርቶ ትራስ ገዝቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ውድ ነኝ። እናቴ እንኳን እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ምስሉንማ ተዉት። አደይ አበባ የሞላው ሜዳ፣ የሀበሻ ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች፣ መሀል ሜዳው ላይ ደግሞ ግራጫ ኤል ሼፕ ሶፋ። በክረምት ማግስት፣ ጭቃ ላይ! በፀሐይዋ ቦታ የድርጅቱ ሎጎ ወጥቷል። ስልክ ቁጥሩ ከልጃገረዶቹ ቁመት ይበልጣል።

ከዚያ ምርቃት ይወርዳል። «ዘመኑ የሰላም፣ የጤና፣ የፍቅርና የአንድነት ይሁንላችሁ።» አሜን ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ፣ «በዓሉን ምክንያት በማድረግ እስከ 20 በመቶ ቅናሽ» ይከተላል። አሜኑን መልሶ መዋጥ አይቻልም፤ ሶፋውም አብሮ ተመርቋል። አበባየሆሽ የሚሉት ልጆች እንኳን ይህን ያህል አልሠለጠኑም። እነሱ ምርቃቱን የሚያወርዱት ከተሰጣቸው በኋላ ነው። የኛ ነጋዴ ቀድሞ መርቆ ነው እጁን የሚዘረጋው። እንዲህ ዓይነት እምነት ከየት ይገኛል?

አንዳንዱ ደግሞ ሊቅ ነው፤ ዘመኑን በወንጌላዊ ስም ይጠራዋል። ዘንድሮ 2018 ስንገባ «ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚል አይቻለሁ። የተሻገርነው ከማቴዎስ ወደ ማርቆስ ነው። ለነገሩ ሰውየው አልተሳሳተም፤ የአምናውን ጽሑፍ ገልብጦ ነው የለጠፈው። አምና ልክ ነበር። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያለ በየአራት ዓመቱ ስለሚዞር፣ 2021 ላይ እንደገና ልክ ይሆንለታል። ትዕግሥቱ ይደነቃል።

አሁን ወደ ቅናሹ እንምጣ፤ እውነተኛው ጥበብ ያለው እዚያ ነው። ሶፋው ነሐሴ አጋማሽ ላይ 80,000 ብር ነበር እንበል። ጳጉሜ ሲገባ ድምፁን አጥፍቶ 100,000 ይሆናል። መስከረም 1 ቀን 100,000 በቀይ ይሰረዝና «80,000 ብቻ!» ይባላል። አያችሁ? 25 በመቶ ጨምሮ 20 በመቶ ሲቀንስ ከነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። ነጋዴው አንድ ብር አላጣም፣ እናንተ 20,000 ብር «አተረፋችሁ»፣ ሶፋው ነሐሴ ላይ እንደነበረው ነው። ሁሉም ደስ ብሎት በዓሉን የሚያሳልፍበት እንዲህ ያለ ሒሳብ ትምህርት ቤት አላስተማሩንም።

ምቀኛ የሆነ ሰው ቻናሉን ወደ ላይ ወጥቶ ነሐሴን ያገኘዋል። ነጋዴው የድሮውን ዋጋ እዚያው አስተካክሎት ከሆነ ከሥር edited የምትል ጽሑፍ ትቀራለች። ከመስተካከሉ በፊት ለአክስታችሁ ፎርዋርድ ያደረጋችሁት ካለ ደግሞ እዚያ ዋጋው አይለወጥም፤ 80,000 እንዳለ ነው። እኔ ግን በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ነገር መፈለግ ነውር ይመስለኛል።

«ቅናሹ እስከ መስቀል ብቻ» ይላል። መስቀል መስከረም 17 ነው። መስከረም 18 «በደንበኞቻችን ጥያቄ ተራዝሟል» ይመጣል። የትኛው ደንበኛ እንደጠየቀ አይነገርም። እኔ አልጠየቅኩም። ውድ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ዋጋ መጻፉ ራሱ ያስመሰግነዋል። ብዙዎቹ ቅናሹን በትልቁ፣ ዋጋውን «በውስጥ መስመር» ነው የሚያደርጉት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሸቀጡን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ግን ዋጋ ከተገለጸ ወዳጅነት ከየት ይመጣል? ውስጥ መስመር ስትገቡ ነው የሚተዋወቁት፤ ሰፈራችሁን ይጠይቃሉ፣ ስልካችሁን ያያሉ፣ አቅማችሁን ይመዝናሉ። ዋጋው ከዚያ በኋላ ይወለዳል።

እኔም በበዓሉ መንፈስ ለአንዱ ጻፍኩለት። «ሰላም፣ ይሄ ሶፋ ስንት ነው?»

«እንኳን አደረሰዎት! ስልክዎን ያስቀምጡልን፣ እንደውላለን።»

አስቀመጥኩ። ደወሉ። ሶፋው አልቋል አሉኝ፤ ግን ለክቡርነቴ የሚመጥን አልጋ አለ፣ እሱም በቅናሽ።