ባለሙያ የሚመረጠው ከዜናው ቀን በፊት ነው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መፍቀዱን አስታወቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆነ። እንዲህ ባለ ቀን የሬዲዮ አዘጋጅ የአገሪቱን ምርጥ የምጣኔ ሀብት ምሁር አያፈላልግም፤ ፋታ የለውም። ስልኩን ቶሎ ለሚያነሳና አድማጭ በሚገባው አማርኛ ለሚያስረዳ፣ ከዚህ ቀደም ለሚያውቀው ሰው ይደውላል።

«ሁልጊዜ የሚጋበዙት እነዚያው ሰዎች ናቸው» የሚለው የባለሙያዎች ቅሬታ እውነት ነው። መፍትሔው ግን የሕይወት ታሪክን ለየጣቢያው መበተን አይደለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አዘጋጁን የሚጠቅምበት ነገር ስለሌለው ሳይነበብ ይቀራል።

እኔ የምመክረው አንድ ዝግጅት መርጦ በትጋት መከታተልን ነው። ለምሳሌ ጋዜጠኛው ስለ አስመጪዎች ሲዘግብ የባንኩን የመግዣ ዋጋ ጠቀሰ እንበል። አስመጪ ዶላር የሚያገኘው በመሸጫው ዋጋ ስለሆነ ስሌቱ ተዛብቷል። ይህን ያስተዋለ ባለሙያ በይፋ ከማሳጣት ይልቅ በግል እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ «የትናንቱን ዝግጅት ሰምቻለሁ። የጠቀሳችሁት የመግዣውን ዋጋ ነው፤ አስመጪው የሚከፍለው የመሸጫውን ነው። የዕለቱን የተመን ሰንጠረዥ አያይዣለሁ። ስሜን መጥቀስ አያስፈልግም።» ጋዜጠኛው ከእርማቱ ጋር ከስህተት የሚጠብቀው ሰው አገኘ። በሚቀጥለው ጊዜ ዘገባውን ከማቅረቡ በፊት ራሱ ይደውላል፤ ያ ጥሪ ብዙውን ጊዜ የግብዣው መጀመሪያ ነው።

ጥያቄው ከሙያው ውጭ ሲሆንም «ይህ የእኔ መስክ አይደለም፤ የግብር ባለሙያ ላገናኝዎት» ማለት ከመቀባጠር እጅግ ይሻላል። በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት የሚሰጥ እንግዳ ለጊዜው ክፍተት ይሞላል እንጂ አዘጋጁ ለከባድ ርዕስ አያምነውም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በባንክ የሚሠራ ሰው ደግሞ ለመገናኛ ብዙኃን ለመናገር ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። እሺ ብሎ ሥርጭቱ ሊጀመር ሲል የሚቀር እንግዳ አዘጋጁን ባዶ ሰዓት ያስታቅፈዋል፤ ስሙም ከዝርዝሩ ይወጣል።

ገንዘብን በተመለከተ ጥብቅ አቋም አለኝ። ለጋዜጠኛ «የትራንስፖርት» እየተባለ የሚሰጥ ክፍያ ግንኙነቱን ያበላሻል፤ ባለሙያውን ዳግመኛ ለመሞገት የሚያስችለውን ነፃነት ይነጥቀዋል። የአየር ሰዓት ገዝተው በስፖንሰር የሚሠሩ ተባባሪ አዘጋጆችም አሉ። ከእነርሱ ግብዣ ሲመጣ፣ ስፖንሰሩ ማን እንደሆነና ከእንግዳው ክፍያ ይጠበቅ እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ክፍያ ካለበት ዝግጅቱ ማስታወቂያ ነውና ይህ ለአድማጩ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።