ሀ/ማርያም ማን ናቸው?

የመድረክ መሪ ስም ሲጠፋበት ያስታውቃል። ቅጽል ይበዛል። «የተከበሩ፣ የተመሰገኑ፣ ለዚህች አገር ብዙ የደከሙ፣ ሁላችንም የምንወዳቸው፣ የምንሳሳላቸው...» እያለ ሲቀጥል እንግዳው ከወንበራቸው ሳይነሱ ጽድቅ ሊገቡ ምንም አይቀራቸውም። ተሰብሳቢው ክብር እየተሰጣቸው ይመስለዋል። ሰውየው ግን ስም ፍለጋ ላይ ነው። ስሙ እምቢ ብሎ ሲቀር የመጨረሻዋን ካርድ ይመዛል፦ «እኚህን ሰው ለእናንተ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሞቅ ባለ ጭብጨባ!»

አዳራሹ ይቀልጣል። ከኋላ የተቀመጡ እናት እያጨበጨቡ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ይላሉ።

«ማን ናቸው ልጄ?»

«እኔ እንጃ እማማ፤ ትልቅ ሰው ናቸው መሰለኝ።»

እውነቱን ለመናገር ይቺ «ለቀባሪው ማርዳት» ስንቱን ከጉድ አውጥታለች። ችግሯ ለአንድ መድረክ አንዴ ብቻ መሆኗ ነው። ሁለተኛው እንግዳም፣ ሦስተኛውም ቀባሪ ከሆኑ ሕዝቡ መጠርጠር ይጀምራል።

ከመድረክ ውጪ ያለው ዘዴ ይቀላል። ሁለት ጓደኞችህ ካፌ በር ላይ ተገናኙ፤ የአንደኛው ስም ጠፋህ። «ተዋወቁ እንጂ!» ትልና ዞር ብለህ ስልክህን ታያለህ። የእኛ አገር ሰው ሲጨባበጥ ሁለቱም ስማቸውን እኩል ነው የሚያጉረመርሙት፤ አንዱም የሌላውን አይሰማም። ከዚያ ሦስታችሁም ስም ሳታውቁ ማኪያቶ ትጠጣላችሁ። ብልጡ ደግሞ «በምን ስም ላስገባው?» ብሎ ስልኩን ያወጣል። «በስሜ ነዋ!» ሲባል ነው ጨዋታው የሚያልቀው።

ስም መርሳት ግን ስም ከማበላሸት ይሻላል ባይ ነኝ። የረሳ ሰው ቢያንስ ዝም ይላል። ያበላሸው በማይክ ነው የሚያበላሸው። ለዚህ ደግሞ ከአንደበታችን በላይ ወረቀታችን ያጋልጠናል። ስም ማሳጠር እንወዳለን። የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «የክብር እንግዳ፦ ዶ/ር ሀ/ማርያም» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ሀብተማርያም ናቸው ወይስ ኃይለማርያም? በወጉ ቢሆን ኃይለ በ«ኃ»፣ ሀብተ በ«ሀ» ይጻፍና እንለያቸው ነበር። ጸሐፊው ግን የመታው መጀመሪያ ያገኘውን ሀ ነው። «ተ/ማርያም»ም እንደዚሁ ተክለማርያምም ተስፋማርያምም ሊሆን ይችላል። ሙሉ ስም ቢጻፍም እፎይ አይባልም፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይነግርም። ገመቹን «መ»ን ሳያጠብቅ አላልቶ የጠራ ሰው፣ የገመቹ ዘመዶች ፊት ላይ ስህተቱን ያነበዋል።

ወደ ዶክተሩ እንመለስ። መድረክ መሪው ደረቱን ነፍቶ «ዶክተር ኃይለማርያም!» ይላል። መሳሳቱን የሚያውቀው በእንግዳው አነሳስ ነው። ግማሽ ተነስተው ይቆማሉ። ግራ ቀኝ ያያሉ፤ ምናልባት ሌላ ዶክተር ኖሮ ይሆን ብለው። ፊት ወንበር ላይ ያለው አስተባባሪ ደግሞ ያለ ድምፅ በከንፈሩ «ሀብተ! ሀብተ!» ይላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚወስዳቸው መንገዶች ብዙዎቹ ገደል ናቸው። አንዱ እንዳልሰማ ሆኖ «ኃይለማርያም»ን ጮክ አድርጎ ይደግማል፤ ሰውየው ስማቸውን እንዲቀይሩ የሚጠይቅ ይመስላል። ሌላው ጸሐፊዋን ይከሳል፤ ምስኪኗ ከበሩ አጠገብ ውኃ እያደለች ነው። ሦስተኛው ማይኩን አፉ ሥር እንደያዘ ወደ አስተባባሪው ዞሮ «ማን ነው ያልከኝ?» ይላል፤ አዳራሹ በሙሉ ይሰማል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ይቅርታ አብዢው ነው። «በጣም ይቅርታ፣ እጅግ አዝናለሁ፣ ምን ነካኝ፣ እንደ አባቴ ነው የማያቸው...» እያለ ሲቀጥል፣ ዶክተሩ ግማሽ እንደተነሱ «ኧረ ምንም አይደል የኔ ልጅ» እያሉ ማጽናናት ይጀምራሉ። እንግዳ ጠርቶ አስተዛዛኝ ማድረግ ይሏል ይሄ ነው።

የሚያዋጣው አጭር ነው። ቀጥ ማለት። «ይቅርታ፤ ዶክተር ሀብተማርያም» ማለት፤ ይቅርታዋ አንድ፣ ስሙ ሙሉ፣ ድምፁ ከመጀመሪያው ስህተት ሳያንስ። ብዙ ሰው ሲሳሳት ይጮህና ሲያርም ያንሾካሹካል፤ ከኋላ ያለው ታዳሚ ስህተቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ከእርማቱ በኋላ ካቆሙበት መቀጠልና ማስተዋወቁን ሲጨርሱ ስሙን አንዴ በትክክል መድገም ነው። ሰው ጆሮ ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ነውና። ስሙ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ከሥራቸው ጀምሮ ስምን ለመጨረሻ ማቆየት ያስኬዳል፤ በዚያ መሃል ወረቀቱን በግልጽ ማየት ነውር የለውም። ነውሩ ወረቀቱን ኪስ ውስጥ ትቶ ኮርኒስ ኮርኒሱን ማየት ነው። እርግጥ ፕሮግራሙ ሳይጀመር ጠጋ ብሎ «ስምዎን እንዴት ልጥራ?» የሚል ሰው ይህን ሁሉ አያስፈልገውም። ግን ያ ሰው መድረክ መሪ ሆኖ አያውቅም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከእኛ አይሻሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 የኦስካር መድረክ ላይ ጆን ትራቮልታ ዘፋኟን አይዲና መንዜልን «አዴል ዳዚም» ብሎ አስተዋወቃት። ዳዚም የምትባል ሰው የለችም። እሷ ምንም ሳትል ወጥታ ዘፈነች። በዓመቱ እዚያው መድረክ ላይ እሱን የማስተዋወቅ ተራ ደረሳትና «ግሎም ጋዚንጎ» ብላ ጠራችው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ተዘግቶ ነበር። እሱ ወጣ፣ ስሟን አሳምሮ በትክክል ጠራ። ጠርቶ ቢመለስ ምን ነበረበት! ቆሞ ፊቷን ይነካካ ጀመር፤ አገሩ ስለ ስሙ ትቶ ስለ እጁ አወራ። እርማትም ሲረዝም ሌላ እርማት ይፈልጋል።

ለእኔ የዚህ ሙያ ሊቆች ግን የእኛ ሽማግሌዎች ናቸው። ልጅ ሊጠይቁ በጠዋት ይሄዳሉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ። ዋናው ተናጋሪ የመረጧቸው አንደበታቸው ስለሚያምር እንጂ ሙሽራውን ስለሚያውቁት አይደለም፤ የአባትየው የሥራ ባልደረባ ናቸው። ተረቱን፣ ምርቃቱን ያወርዱታል። «ልጃችሁን ለልጃችን...» ብለው የልጁ ስም ላይ ሲደርሱ ጭልጥ ይላል።

አይደነግጡም። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ወደ ጎናቸው ዞር ብለው «እኔ ብቻዬን ተናግሬ ብጨርሰው ነውር ነው። የልጁን ነገር አቶ እገሌ ይንገሩልን» ይላሉ። ቤቱ በሙሉ በትሕትናቸው ይደመማል። አቶ እገሌም ለካ ስሙን አያውቁትም። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ለሦስተኛው ያስተላልፋሉ፤ ሦስተኛው ለአራተኛው። አራተኛው፣ መኪና ሊነዳ የመጣው ጎረምሳ፣ «ቢኒ» ይላል።

የልጅቷ አባት ጥቂት ዝም ብለው ያስባሉ።

«መልካም፤ ተቀመጡ። መልሱን ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑና እንነግራችኋለን። ስትመጡ የአባቱንም ስም ይዛችሁልን ኑ።»