ስቴፐር ሞተር ያለበትን ቦታ አያውቅም

መጋረጃን በሞተር ስለመክፈትና መዝጋት እንዲህ ሲባል ይሰማል፦ «ለመጋረጃ ከሰርቮ ሞተር ይልቅ በትናንሽ እርምጃ የሚዞረው ስቴፐር ይሻላል፤ ያለበትን ቦታ ስለሚያውቅ ጫፍ መድረሱን የሚነግር ሊሚት ስዊች አያስፈልገውም።»

የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ተራ ሰርቮ የሚዞረው ወደ 180 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ረጅም መጋረጃ አይጎትትም። ስህተቱ ሁለተኛው ላይ ነው። ሰርቮ ውስጥ ማዕዘኑን የሚለካ ነገር አለ፤ ተራ ስቴፐር ግን የለውም። የሚቆጥረው ኮዱ ነው፣ እሱም የታዘዘውን እንጂ ሞተሩ በእርግጥ የሄደውን አይደለም።

ጎንደር ላሉ ቤቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና። የእኔ መጋረጃ 1.6 ሜትር ይጓዛል። ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ ሄዶ ቺንጋውን 40 ሚሊሜትር ይስባል፤ ስለዚህ ሙሉው መንገድ 8000 እርምጃ ነው። አንድ ማታ 60 ሴንቲሜትር ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ኮዱ ከዜሮ ጀመረና 8000 አዘዘ። የቀረው ግን 5000 ብቻ ነበር። መጋረጃው ጫፍ ደርሶ ሞተሩ «ጠ-ጠ-ጠ» እያለ ቺንጋውን ይታገል ጀመር። ሳይ የመጋረጃው መያዣ ተጣሟል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። መጋረጃው ዜሮ ላይ ሲቆም ሐዲዱ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ከሌላው ጫፍ ወደ ዜሮ ሲመለስ መጋረጃውን ለአፍታ በእጅ ያዙት፣ ከዚያ ልቀቁት። ምልክቱ ጋር ሳይደርስ ይቆማል፤ ኮዱ ግን ዜሮ ነኝ ይላል።

መፍትሔው በመዝጊያው ጫፍ አንድ ሊሚት ስዊች መግጠም ነው። መብራት በመጣ ቁጥር ሞተሩ ቀስ ብሎ ስዊቹን እስኪነካ ይሂድ፣ እዚያ ዜሮ ብሎ ይጀምር።